ለእያንዳንዱ ሰርቨር ስንት ቦታ ይበቃል? የቼርኖፍን ጣሪያ ደረጃ በደረጃ ማስላትና ከቼቢሼቭ ጋር ማነጻጸር

ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ «100,000 ጥያቄዎችን በሃሽ ለ1,000 ሰርቨሮች አከፋፍላለሁ። ለእያንዳንዱ በአማካይ 100 ይደርሰዋል። አንዱም እንዳይሞላ አቅማቸውን ስንት ላድርገው? በቫሪያንስ ሳሰላው ከ10,000 በላይ ይወጣብኛል፤ ሌላ ሰው ደግሞ 160 ይበቃሃል ይለኛል። ማን ነው የተሳሳተው?»

የተሳሳተ የለም። ሁለቱም ቁጥሮች እውነተኛ ጣሪያዎች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ጥያቄዎቹ የሚጠቀመው አማካይንና ቫሪያንስን ብቻ ነው። ሁለተኛው ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ፍጹም ነጻ መሆናቸውንም ይጠቀማል። ከታች ያለው መመሪያ ሁለቱንም በዚሁ ምሳሌ ላይ አስልቶ ያሳያል፤ ትንሹን ቁጥር መቼ ማመን እንደሚቻልና መቼ እንደማይቻልም ይለያል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የጥያቄዎቹ ብዛት፣ n = 100,000
- የሰርቨሮቹ ብዛት፣ m = 1,000
- አንድ ጥያቄ አንድ የተወሰነ ሰርቨር ላይ የማረፍ ዕድሉ፣ p = 1/1,000 = 0.001
- በአጠቃላይ የሚታገሡት ስጋት። እዚህ 0.001 እንወስዳለን፤ ማለትም ከ1,000 ሰርቨሮች ቢያንስ አንዱ የሚሞላበት ዕድል ከሺህ አንድ አይበልጥም።
- የተፈጥሮ ሎጋሪዝም (ln) የሚያወጣ ካልኩሌተር፣ ወይም ፓይተን
- ጥያቄዎቹ ከየት እንደሚመጡና ሃሹ በምን ቁልፍ ላይ እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው። ይህ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም፤ ደረጃ 6 ላይ ያለ እሱ አይታለፍም።

ደረጃ 1፦ ደፉን ይወስኑ፣ አመልካቾቹን ይጻፉ

አንድ ሰርቨር ይምረጡ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ i አንድ አመልካች ይስጡ፦ ጥያቄው እዚህ ሰርቨር ላይ ካረፈ X_i = 1፣ ካላረፈ X_i = 0። የሰርቨሩ ጭነት የእነዚህ ድምር ነው፦

X = X_1 + X_2 + … + X_n

ቀጥሎ ደፉን a ብለው ይሰይሙት። ሰርቨሩ a ጥያቄ ሲደርሰው ይሞላል፣ እስከ a − 1 ድረስ ግን ይችላል። የምንፈልገው P(X ≥ a) ትንሽ እንዲሆን ነው። «≥» ይሁን «>» አሁኑኑ ካልተወሰነ መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ያመልጣል። በዚህ ጽሑፍ በሙሉ «≥» ነው፤ ስለዚህ a = 157 ካገኘን የሰርቨሩ አቅም 156 ቢሆን ይበቃል።

ደረጃ 2፦ አማካዩንና ቫሪያንሱን ያስሉ

አማካዩ የዕድሎቹ ድምር ነው፦ μ = n·p = 100። የአንድ አመልካች ቫሪያንስ p(1 − p) ነው፤ አመልካቾቹ ነጻ ስለሆኑ ቫሪያንሶቹ ይደመራሉ፦ σ² = 100,000 × 0.001 × 0.999 = 99.9። ስለዚህ σ ወደ 10 ይጠጋል።

ቫሪያንሶችን ለመደመር አመልካቾቹ ሁሉ በአንድነት ነጻ መሆን አይጠበቅባቸውም፤ ማንኛቸውም ሁለቱ ነጻ ከሆኑ ይበቃል። ይህን ያስታውሱት፤ የሁለቱ ዘዴዎች ልዩነት የሚነሣው ከዚህ ነው።

ዕድሎቹ እኩል ካልሆኑም ችግር የለም። p_1፣ p_2፣ … እያሉ ይደምሯቸው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው የቼርኖፍ ቀመር የሚፈልገው ድምራቸውን μ ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ስጋቱን ለሰርቨሮቹ ያካፍሉ

«ቢያንስ አንዱ ይሞላል» የሚለው ዕድል የእያንዳንዳቸው የመሙላት ዕድል ሲደመር ከሚገኘው አይበልጥም። ስለዚህ አጠቃላይ ስጋቱን ለ1,000 ያካፍሉት፦

ለአንድ ሰርቨር የተፈቀደ ስጋት = 0.001 / 1,000 = 0.000001

ማለትም ከሚሊዮን አንድ። እዚህ ላይ «የሰርቨሮቹ ጭነቶች እኮ እርስ በርስ ነጻ አይደሉም፤ አንዱ ብዙ ከወሰደ ለሌሎቹ የሚቀረው ያንሳል» የሚል ጥያቄ ይነሣል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ የመደመር ደንብ በሰርቨሮች መካከል ነጻነትን ጨርሶ አይጠይቅም። ነጻነት የምንፈልገው በአንድ ሰርቨር ውስጥ፣ በጥያቄዎቹ መካከል ነው።

ይህን ደረጃ መዝለል ብዙ ያስከፍላል። ለእያንዳንዱ ሰርቨር 0.001 ስጋት ቢፈቅዱ ደፉ 140 ይወጣል፤ ሆኖም በ1,000 ሰርቨሮች ላይ ሲደመር ጣሪያው 1 ይሆናል። ዕድል ከ1 አይበልጥም ማለት ደግሞ ምንም አለማለት ነው።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ በቫሪያንስ ብቻ ያስሉ

የቼቢሼቭ ደንብ ከአማካዩ በ t ወይም ከዚያ በላይ የመራቅ ዕድል ከ σ²/t² አይበልጥም ይላል፤ በሁለቱም አቅጣጫ። እኛን የሚያሳስበን የላይኛው ጭራ፣ ማለትም ከአማካዩ ወደ ላይ መራቅ፣ ብቻ ስለሆነ የተሻለውን የካንቴሊን ቅርጽ እንጠቀም፦

P(X ≥ μ + t) ≤ σ² / (σ² + t²)

ይህ 0.000001 እንዲሆን t = √(99.9 × 999,999) ≈ 9,995 ያስፈልጋል። ስለዚህ a = 10,095።

ውጤቱን ልብ ብለው ይዩት። 1,000 ሰርቨሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን ከጠቅላላው ጥያቄ አንድ አሥረኛውን ብቻቸውን መቻል አለባቸው ማለት ነው። ስጋቱን ወደ ከቢሊዮን አንድ ዝቅ ቢያደርጉት ደግሞ ከ316,000 በላይ ይወጣል፤ ካሉት ጥያቄዎች በሦስት እጥፍ የሚበልጥ። ምክንያቱ በቀመሩ ውስጥ ይታያል፦ ስጋቱ የሚወርደው ከ t² ጋር ብቻ ስለሆነ፣ ስጋትን በ1,000 ለመቀነስ t በ32 ገደማ መባዛት አለበት።

ደረጃ 5፦ በቼርኖፍ ያስሉ

የማርኮቭ ደንብ ለማንኛውም አሉታዊ ላልሆነ መጠን Y የሚሠራ ነው፦ P(Y ≥ c) ≤ E[Y]/c። ቼቢሼቭ Y አድርጎ የሚወስደው የርቀቱን ካሬ ነው። የቼርኖፍ ዘዴ ደግሞ e^(sX) ይወስዳል፤ s ከዜሮ የሚበልጥ፣ እኛ የምንመርጠው ቁጥር ነው፦

P(X ≥ a) = P(e^(sX) ≥ e^(sa)) ≤ e^(−sa) · E[e^(sX)]

አሁን ነጻነት ሥራውን ይሠራል። e^(sX) የ n ብዜቶች ውጤት ነው፤ አመልካቾቹ በአንድነት ነጻ ስለሆኑ የብዜቱ አማካይ የአማካዮቹ ብዜት ይሆናል። አንድ አመልካች 1 ወይም 0 ስለሆነ የ e^(sX_i) አማካይ 1 + p_i(e^s − 1) ነው። 1 + x ከ e^x ስለማይበልጥ፣ ሁሉም ሲባዙ፦

E[e^(sX)] ≤ e^(μ(e^s − 1))

የሚቀረው s መምረጥ ነው። ጣሪያውን ዝቅተኛ የሚያደርገው s = ln(a/μ) ነው፤ ሲተኩት ይህን ያገኛሉ፦

P(X ≥ a) ≤ e^(−L)፣ L = a·ln(a/μ) − a + μ

በተግባር የሚያስፈልግዎ ይህ አንድ መስመር ነው። የሚሠራው a ከ μ ሲበልጥ ነው።

የእኛ ስጋት 0.000001 ስለሆነ L ቢያንስ ln(1,000,000) = 13.8155 መሆን አለበት። a = 157 ይሞክሩ፦ ln(1.57) = 0.45108፤ በ157 ሲባዛ 70.819፤ ከዚያ 157 ተቀንሶ 100 ሲደመር 13.819። አለፈ፣ ለጥቂት። a = 156 ግን አያልፍም። ስለዚህ ደፉ 157፣ የሰርቨሩ አቅም 156።

በእጅ መሞከር ለማይፈልግ ሰው፦

```python
from math import log

def chernoff_a(mu, risk):
    need = log(1 / risk)
    a = int(mu) + 1
    while a * log(a / mu) - a + mu < need:
        a += 1
    return a

print(chernoff_a(100, 1e-6))   # 157
print(chernoff_a(100, 1e-9))   # 171
```

ሁለተኛውን መስመር ያስተውሉ። ስጋቱን አንድ ሺህ ጊዜ ለመቀነስ የተጨመረው 14 ቦታ ብቻ ነው፤ ደረጃ 4 ላይ ይኸው ጥያቄ ቁጥሩን ከ10,095 ወደ 316,000 ነበር ያሻገረው። በ s = ln(1.57) ሲሠራ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ጥያቄ የ e^(sX)ን ክብደት በ1.57 ያባዛዋል። ቼቢሼቭ ለ57 ርቀት የሚሰጠው ክብደት 3,249 ነው፤ እዚህ ግን 57 ተጨማሪ ጥያቄዎች ክብደቱን 57 ጊዜ በ1.57 ያባዙታል። ጭራው በዚህ ፍጥነት እንዲወርድ የሚያደርገው ይህ ነው።

ሎጋሪዝም በሌለበት በፍጥነት መገመት ሲያስፈልግ ላላ ያለውን ቅርጽ ይጠቀሙ፦

P(X ≥ μ + t) ≤ e^(−t²/(2μ + t))

በእኛ ቁጥሮች t = 60፣ a = 160 ይሰጣል። ጠያቂው ከሌላ ሰው የሰማው 160 ከዚህ የመጣ መሆን አለበት። ከ157 ጋር ያለው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ለግምት ይህ ጥሩ ነው።

ለታችኛው ጭራ፣ ማለትም «ይህ ሰርቨር ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ ይሆን?» ለሚለው፣ P(X ≤ μ − t) ≤ e^(−t²/(2μ)) ነው። ሁለቱንም ጭራ ከፈለጉ ሁለቱን ጣሪያዎች ይደምሩ።

ደረጃ 6፦ ነጻነትን ይፈትሹ

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ሳይጨርሱ 157ን ለማንም አይስጡ። የቼርኖፍ ቀመር ነጻነት ሲጎድል አይጮህም፤ ያንኑ ትንሽ ቁጥር ይሰጥዎታል፣ ቁጥሩ ግን ውሸት ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እንዲህ ነው። ሃሹ የሚሠራው በተጠቃሚ መለያ ላይ ነው፤ አንድ ተጠቃሚ ደግሞ 10 ጥያቄ በተከታታይ ይልካል። አሥሩም አንድ ሰርቨር ላይ ያርፋሉ። አጠቃላዩ አሁንም 100,000፣ አማካዩም 100 ነው፤ ስለዚህ አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው ምንም ለውጥ አይታየውም። ነጻ የሆኑት ግን 10,000 ተጠቃሚዎች እንጂ 100,000 ጥያቄዎች አይደሉም። ሰርቨሩ ላይ ያረፉት ተጠቃሚዎች ብዛት Y አማካዩ 10 ነው፣ ጭነቱም X = 10·Y። X 157 እንዲደርስ Y 16 መድረስ ብቻ ይበቃዋል፤ የዚህ ዕድል ወደ 0.049 ነው። ከሚሊዮን አንድ ተብሎ ቃል የተገባው ከሃያ አንድ ሆነ ማለት ነው፤ ከ1,000 ሰርቨሮች 49 ያህሉ ይሞላሉ።

መፍትሔው ቀመሩን መጣል ሳይሆን ነጻ በሆነው ነገር ላይ መቁጠር ነው። Yን በአማካይ 10 ያስሉት፦ chernoff_a(10, 1e-6) 31 ይሰጣል። ስለዚህ የጥያቄዎቹ ደፍ 310 ነው። የተጠቃሚዎቹ ጥያቄ እኩል ባይሆንና ከ10 የማይበልጥ መሆኑን ብቻ ቢያውቁም ይኸው ስሌት ይሠራል፦ ጭነቱን ሁሉ በ10 ሲያካፍሉት ከ0 እስከ 1 ባለው ክልል ውስጥ ያሉ ነጻ መጠኖች ይሆናሉ፣ ቀመሩ ለእነሱም ይይዛል። ገደብ የሌለው ተጠቃሚ ካለ ግን፣ ለምሳሌ ብቻውን 5,000 ጥያቄ የሚልክ፣ እሱ የሚያርፍበት ሰርቨር ደፉ 157ም ሆነ 310 ይሞላል፤ ለይተው አውጥተው ራሱን የቻለ መላ ይፈልጉለት።

ሌላው ፈተና ሃሹ ራሱ ነው። አንዳንድ ቀላል የሃሽ ቤተሰቦች ዋስትና የሚሰጡት ለጥንዶች ብቻ ነው፦ ማንኛቸውም ሁለት ቁልፎች ነጻ ናቸው፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን ምንም ቃል አይገቡም። በዚህ ጊዜ ደረጃ 4 ይሠራል፤ ደረጃ 5 ግን የመጀመሪያው ብዜት ላይ ይወድቃል። ችግሩ የወረቀት ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ይህን ይሞክሩ፦

10 ሳንቲሞች ይጣሉ። ከአሥሩ ሊወጣ የሚችለው እያንዳንዱ ባዶ ያልሆነ ስብስብ (1,023 ናቸው) አንድ አመልካች ይኑረው፤ በስብስቡ ውስጥ የወጣው የዘውድ ብዛት ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0። እያንዳንዱ አመልካች 1 የመሆን ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ማንኛቸውም ሁለቱም ነጻ ናቸው። አማካዩ 511.5፣ ቫሪያንሱ 255.75። አሥሩም ሳንቲሞች ጎፈር ከወጡ ግን 1,023ቱም አመልካቾች ዜሮ ይሆናሉ፤ ዕድሉ 1/1,024 ነው። የካንቴሊ ቀመር ወደታች ለ511.5 ርቀት የሚሰጠው ጣሪያ 255.75/(255.75 + 511.5²) ሲሰላ በትክክል 1/1,024 ይወጣል። ጣሪያው እውነቱን ነካው። ስለዚህ የሚያውቁት የጥንዶችን ነጻነት ብቻ ከሆነ ከቫሪያንስ የተሻለ ጣሪያ የሚሰጥ ቀመር መፈለግ ከንቱ ነው፤ የለም። በእነዚሁ ላይ በስህተት ቼርኖፍን የተጠቀመ ሰው ዕድሉን ከ e^(−255) በታች ያደርገዋል።

እንዴት ይታወቃል? ከእውነተኛው ሥርዓት የሰርቨሮቹን ጭነት ይሰብስቡና የናሙናውን ቫሪያንስ ከ99.9 ጋር ያነጻጽሩ። ከላይ ባለው፣ አንድ ተጠቃሚ 10 ጥያቄ በሚልክበት ምሳሌ ቫሪያንሱ 999 ይሆናል፣ አሥር እጥፍ። ከአማካዩ እጅግ የሚበልጥ ቫሪያንስ ካዩ ጥያቄዎቹ ነጻ አይደሉም። ወደ 100 የተጠጋ ቫሪያንስ ግን ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ የሳንቲሞቹ ምሳሌ ቫሪያንሱ ፍጹም ትክክል ሆኖ ጭራው ከባድ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ለዚህ ነው ሃሹን የሚያውቅ ሰው ከሚያስፈልጉ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ የገባው።

ደረጃ 7፦ ከትክክለኛው ዕድል ጋር ያነጻጽሩ

ሁሉም p እኩል ከሆነ ትክክለኛውን የባይኖሚያል ጭራ ማሽን ያወጣዋል፦

```python
from scipy.stats import binom

print(binom.sf(151, 100000, 0.001))   # P(X >= 152)
print(binom.sf(150, 100000, 0.001))   # P(X >= 151)
```

የመጀመሪያው ከ0.000001 ያንሳል፣ ሁለተኛው ይበልጣል። ስለዚህ ትክክለኛው ደፍ 152 ነበር፤ ቼርኖፍ ያባከነብን 5 ቦታ ነው። sf(k) የሚሰጠው P(X > k) መሆኑን ልብ ይበሉ፤ P(X ≥ a) ሲፈልጉ a − 1 ያስገቡ።

ታዲያ ትክክለኛው ካለ ጣሪያው ለምን? p ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሲለያይ ይህ ተግባር አይሠራም፣ የቼርኖፍ መስመር ግን ይሠራል። በተጨማሪ μን በትክክል ሳያውቁ «ከ100 አይበልጥም» ማለት ብቻ ሲችሉ፣ 100ን ራሱን በቀመሩ ውስጥ ቢያስገቡ የላይኛው ጭራ ጣሪያ አይፈርስም።

ቫሪያንስ ብቻ የሚሻልበት ቦታ

ኤክስፖኔንሻሉ ሁልጊዜ ያሸንፋል ብለው አይውሰዱ። μ = 100 ሲሆን ሁለቱ ጣሪያዎች ጎን ለጎን ይህን ይመስላሉ፦

| ደፍ a | በካንቴሊ | በቼርኖፍ |
|---|---|---|
| 110 | 0.50 | 0.62 |
| 117 | 0.257 | 0.254 |
| 120 | 0.20 | 0.15 |
| 130 | 0.10 | 0.016 |
| 150 | 0.038 | 0.00002 |

እስከ 1.7σ ገደማ ቫሪያንስ ይሻላል፤ 117 አካባቢ ይተካከላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ልዩነቱ በፍጥነት ይሰፋል። በመጨረሻው መስመር ትክክለኛው ዕድል ወደ 0.0000019 ነው፤ ቼርኖፍ በአሥር እጥፍ ያህል ሲያጋንን፣ ካንቴሊ ከ20,000 እጥፍ ያላነሰ አጋነነ። የሚፈቅዱት ስጋት ከሩብ የማያንስ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ሰርቨር ብቻ እያሰቡ «ብዙውን ጊዜ» ማለት የሚበቃዎ ከሆነ፣ በቫሪያንስ ይሥሩ፤ የሚጠይቀውም ያነሰ ነው።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

*ሆፍዲንግን ለትንሽ p መጠቀም።* ብዙዎች የሚያስታውሱት ኤክስፖኔንሻል ቀመር e^(−2t²/n) ነው። እሱም ልክ ነው፣ ግን p ግማሽ አካባቢ ላለ ጉዳይ የተመቸ ነው፤ እያንዳንዱ አመልካች ሊኖረው የሚችለውን ትልቁን ቫሪያንስ፣ 1/4ን፣ ይዞ ይሄዳል። እዚህ የአንዱ ቫሪያንስ 0.001 ያህል ብቻ ነው። ውጤቱ t = 832፣ a = 932 ይሆናል፤ ከ157 ስድስት እጥፍ ገደማ። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ቀመሩ ውስጥ n ካለና μ ከሌለ፣ p ትንሽ ሲሆን ይጠርጥሩት።

*ትርፍ ቦታን በመቶኛ መሸከም።* «ለ100 አማካይ 57 በመቶ ጨምረናል፣ ለሌላውም 57 በመቶ እንጨምር» ማለት አይሠራም። ለዚያው ከሚሊዮን አንድ ስጋት አማካዩ 1 ሲሆን ደፉ 10 ነው፤ አማካዩ 10 ሲሆን 31፤ 100 ሲሆን 157፤ 10,000 ሲሆን 10,531። ትርፉ ከ900 በመቶ ተነሥቶ ወደ 5.3 በመቶ ይወርዳል። ጉልበቱ እጥፍ ለሆነና አማካዩ 200 ለሆነ ሰርቨርም 157ን በ2 አያባዙ፤ 314 ሳይሆን 279 ይበቃዋል።

*μን ከእውነቱ አሳንሶ ማስገባት።* ለላይኛው ጭራ μን ማብዛት ቦታ ያባክናል እንጂ ጣሪያውን አያፈርስም፤ ማሳነስ ግን ያፈርሰዋል። ለታችኛው ጭራ የተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ከትናንት መዝገብ የተገመተ አማካይ ከመጠቀምዎ በፊት ለየትኛው ጭራ እንደሚያስገቡት ይለዩ።

*የሞላውን ሰርቨር አይቶ ለእሱ ብቻ ማስላት።* ከ1,000 መካከል ከፍተኛ ጭነት ያለውን መርጠው ለአንድ ሰርቨር የተሰላውን ስጋት ቢያነጻጽሩበት፣ ምርጫው ራሱ ስሌቱን ያበላሸዋል። ከተመረጡ በኋላም ቢሆን የሚሠራው በደረጃ 3 በ1,000 የተካፈለው ስጋት ነው።

*በየቀኑ አዲስ ዕድል ያለ መምሰል።* የሃሹ ዘር ካልተለወጠና ቁልፎቹ ያው ከሆኑ ክፍፍሉ አንድ ጊዜ የተጣለ ዕጣ ነው። ዛሬ የሞላ ሰርቨር ነገም ይሞላል። ዘሩን በየዕለቱ የሚለውጡ ከሆነ ደግሞ በየቀኑ አዲስ ዕጣ ይጣላል፤ ለ365 ቀን ያ የ0.001 ስጋት ተደምሮ እስከ 0.365 ሊደርስ ይችላል። ዓመቱን ሙሉ በ0.001 ውስጥ መቆየት ከፈለጉ ደረጃ 3 ላይ ስጋቱን ለ1,000 ብቻ ሳይሆን ለ365,000 ያካፍሉ፤ ከዚያ ደረጃ 5ን በዚያ ስጋት እንደገና ያስሉት።